ሊብሬው የየትኛው መኪና ነው?

[ድምፅ፦ ኮፈን ሲከፈት፤ የቆመ መኪና ሞተር ይሰማል]

ተራኪ፦ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሊብሬው አለ?» ብሎ ነው። ሻጩ ያወጣለታል። ገዢው ማኅተሙን ያያል፣ ስሙን ያነባል፣ በሊብሬው ላይ ያለውን የሰሌዳ ቁጥር ፊት ለፊቱ ከቆመው መኪና ጋር ያስተያያል፣ ልቡም ያርፋል። ይህ ዕረፍት ግን መሠረት የለውም። ሊብሬ ተሽከርካሪው በተመዘገበበት የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ካለው ፋይል ላይ የተቀዳ ወረቀት ነው። ሰሌዳም በሁለት ብሎን የሚፈታ ቆርቆሮ ነው። ወረቀቱን ከሰሌዳው ጋር ማስተያየት ማለት በቀላሉ የሚቀየርን ነገር በሌላ በቀላሉ በሚቀየር ነገር መመስከር ነው። ሁለቱም በአንድ አታላይ እጅ ሊዘጋጁ ስለሚችሉ መስማማታቸው ምንም አያረጋግጥም። ማስረጃ የሚሆኑት ሻጩ እንደ ልቡ ሊለውጣቸው የማይችሉ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በጽሕፈት ቤቱ ያለው ፋይል እና በመኪናው ብረት ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር። ማጭበርበሩ የሚሳካው እነዚህ ሁለቱ በገዢው ፊት ሳይገናኙ ከቀሩ ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በአዲስ አበባ የሚሄድ፣ ሰነዱ የተሟላ፣ ዕዳም እገዳም የሌለበት አንድ ነጭ ቪትዝ አለ እንበል። አታላዩ ይህን መኪና መስረቅ አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ቁጥሮቹን ብቻ ነው። ከሌላ ቦታ የተሰረቀ፣ ቀለሙና ሞዴሉ ተመሳሳይ የሆነ ቪትዝ ያመጣና የደኅናውን መኪና ሰሌዳ አስመስሎ ያሠራለታል፣ በቁጥሮቹም ሐሰተኛ ሊብሬ ያዘጋጃል። አሁን በከተማው ውስጥ አንድ ፋይል ያላቸው ሁለት መኪኖች አሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት ይበልጥ ተፈላጊ ስለሆኑ፣ እንዲህ ላለ ድካም የሚያነሳሳው ትርፍም አድጓል። ገዢው የሰሌዳ ቁጥሩን ይዞ ጽሕፈት ቤት ቢሄድ እንኳ ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል፤ ንጹሕ የሆነው ግን የሌላው መኪና ፋይል ነው። የሚያጋልጠው የሻንሲ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣ አቧራውን ጠርጎ ካላነበበው አይናገርም።

ንባቡ ከባድ አይደለም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ የሻንሲ ቁጥሩ አጭር ነው፤ ለምሳሌ «ኤስ ሲ ፒ 10» ብሎ ይጀምርና ከሰረዝ በኋላ ሰባት አሃዞች ይከተላሉ። ለአውሮፓ ወይም ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራው ወንድሙ ያሪስ ደግሞ አሥራ ሰባት ፊደላትና አሃዞች ያሉት ረጅም ቁጥር ይይዛል፤ በዚህ ረጅም ቁጥር ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ፈጽሞ አይገቡም። ሊብሬው ላይ ረጅም ቁጥር ተጽፎ ብረቱ አጭር ከያዘ፣ ወይም በረጅሙ ቁጥር መካከል «ኦ» ከተገኘ፣ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው ብረቱ ራሱ ነው። ፋብሪካ የሚመታቸው አሃዞች ጥልቀታቸውና ክፍተታቸው እኩል ነው፤ በእጅ የተመቱት ግን አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላሉ። በቁጥሩ ዙሪያ ብቻ የታደሰ ቀለም፣ የሞረድ ጭረት ወይም የብየዳ ስፌት ካለ፣ ቁጥሩ ተፍቆ፣ አለዚያም ከሌላ መኪና ተቆርጦ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። የተፋቀ ቁጥር እንኳ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም። ቁጥሩ ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚታመቅ፣ የፎረንሲክ ባለሙያ በአሲድ አጥቦ የድሮውን አሃዝ ሊያወጣው ይችላል።

[ድምፅ፦ የቢሮ ኮሪደር፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ድምፅ]

ተራኪ፦ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል፦ ውሉ የሚፈረመው በሰነዶች ማረጋገጫ አይደለም ወይ? ተቋሙ የሻጩን ማንነትና ባለቤትነት ሳያጣራ መች ያጸድቃል? እውነት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 922 ይህን የማጣራት ግዴታ ይጥልበታል፣ ጥቅሙም ትልቅ ነው። ነገር ግን የሚመረመረው ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ሰነድ ነው፤ መኪናው ውጭ ቆሟል። በምሳሌያችን ያለው ሊብሬ ደግሞ ስሙም ቁጥሩም እውነተኛ መዝገብ ያለው ነው። አታላዩ በባለቤቱ ስም የተሠራ ሐሰተኛ መታወቂያ ከጨመረበት፣ ሰነዱ ከሰነዱ ጋር ይስማማል። ሐሰቱ ያለው በሰነዱና በብረቱ መካከል ስለሆነ ፈራሚው ሠራተኛ ከወንበሩ ሆኖ ሊያየው አይችልም። ጉዳቱም ገዢው ላይ ይቀራል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተሰረቀበት ባለቤት ንብረቱን ከቅን ገዢ እጅም ቢሆን መልሶ መጠየቅ ይችላልና። ሻጩ ገዢውን ከእንዲህ ያለ ክስ የመጠበቅ የዋስትና ግዴታ አለበት፤ ግን ሐሰተኛ መታወቂያ ይዞ የፈረመን ሰው የት ብለው ይከሱታል?

ስለዚህ «መኪናዬን ጋራዥ አልወስድም፣ ከፈለግህ እዚሁ እየው» የሚል ሻጭ የሚከለክለው የሞተር ምርመራን ብቻ አይደለም። ጋራዥ የገባ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ የሻንሲ ቁጥሩ ይነበባል፤ ሊፍት ላይ ሲወጣም ከሥሩ ይታያል፣ ብየዳውም ይጋለጣል። ለሻጮች ግን ፍትሐዊ መሆን አለብን። ለሙከራ ብሎ የተቀበለውን መኪና ይዞ የተሰወረ ገዢ አለ። በየቀኑ እየመጣ ኮፈን አስከፍቶ የሚሄድ ተመልካችም ያሰለቻል። እነዚህ ስጋቶች እውነተኛ ናቸው፤ ሁሉም ግን መፍትሔ አላቸው። ሻጩ ራሱ ይንዳ፣ ጋራዡ ሁለቱም የተስማሙበት ይሁን፣ የምርመራውን ገንዘብ ገዢው ይክፈል። ሐቀኛ ሻጭ የሚከራከረው ምርመራው እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ነው፤ በዚህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታ መካከል አሁንም «አይሆንም» የሚል ሰው ግን የሚጠብቀው መኪናውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» የሚለው የደላላ ጥድፊያም ፋይሉና ብረቱ እስኪገናኙ የሚያስፈልገውን አንድ ቀን ለመንጠቅ ያገለግላል።

በውክልና የሚሸጥ መኪና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስመ ንብረት ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ መኪኖች ስላሉ፣ በሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ ስም ጋር አለመግጠሙ ብቻውን ወንጀል አያሳይም። ይሁን እንጂ ውክልና በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ይቀራል፣ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል፤ ወረቀቱ ግን መሻሩን አይናገርም። የውክልናውን ቁጥርና ቀን ይዞ ውክልናውን ካጸደቀው ጽሕፈት ቤት መጠየቅና ከተቻለም ወካዩን ራሱን ማነጋገር ያስፈልጋል። ስልኩን ማግኘት ያለበት ግን ገዢው በራሱ መንገድ ነው፤ ሻጩ በሰጠው ስልክ የሚመልሰው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

የቀረው የቀብድ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠመደውም እዚህ ላይ ነው። ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የተወ ሰው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። እንግዲህ መኪናው ሳይመረመር ቀብድ የከፈለ ገዢ፣ ነገ የሻንሲ ቁጥሩ ቢያጠራጥረው እንኳ በጥርጣሬ ብቻ ሲመለስ ገንዘቡን ለሻጩ ትቶ ለመሄድ ይገደዳል። የቀብድ ውሉ ላይ «የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከፋይሉ ጋር ካልተስማማ ወይም መኪናው ለምርመራ ካልቀረበ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ሻጩም ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብለት።