«አስወግዱኝ» ማለት መቼ ነው፥ ዝም ማለትስ መቼ?

የዛሬው ርዕሳችን ሳንጠራቸው ወደ ስልካችንና ወደ ኢሜይላችን ስለሚመጡ የማስታወቂያ መልእክቶች ነው። ብዙ ቤተሰቦች ወደ ቢሮዬ ስልካቸውን ይዘው እየመጡ «ይህን እንዴት ላስቁመው?» ይሉኛል። መልሱ ለሁሉም መልእክት አንድ አይደለም። ለአንዱ መልስ መስጠት ያሳርፋል፤ ለሌላው መልስ መስጠት ግን ሌባን በር ከፍቶ ማስገባት ነው።

እስቲ አንዲት እናት በአንድ ሳምንት ሦስት መልእክት ደረሳቸው እንበል። የመጀመሪያው የመጣው ልብስ ከገዙበት ሱቅ ነው። በግዢው ቀን ገንዘብ ተቀባይዋ «የደንበኞች ካርድ ይውሰዱ» ስትላቸው የስልክ ቁጥራቸውን ሰጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «ቅናሽ፥ ቅናሽ» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህን ላኪ ያውቁታል፤ ስለዚህ አስወግዱኝ ማለት ይችላሉ። በመልእክቱ መጨረሻ ላይ «הסר» የሚል የዕብራይስጥ ቃል አለ፤ «ሃሴር» ተብሎ ይነበባል፥ ትርጉሙም አስወግድ ማለት ነው። ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ጽፈው መልሰው ይላኩ። መልስ የማይቀበል መልእክት ከሆነ በደረሰኙ ላይ ባለው የሱቁ ስልክ ደውለው ወይም እዚያው ሄደው «ቁጥሬን ከመዝገባችሁ አውጡልኝ» ይበሉ።

ይህ ልመና ሳይሆን መብት ነው። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የእስራኤል ሕግ መሠረት ነጋዴ አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ማስታወቂያ መላክ አይችልም። ደንበኛው ስለሆናችሁ ሊልክላችሁ የሚችልበት ሁኔታ ቢኖርም፥ በቃኝ ስትሉት ማቆም አለበት። በኢሜይል ሲልክም ርዕሱ ላይ «פרסומת»፥ ማለት ማስታወቂያ፥ ብሎ መጻፍ ይገባዋል። እንቢ ካላችሁት በኋላ ቢቀጥል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዱ መልእክት እስከ 1000 ሸቄል ሊያስከፍለው ይችላል፤ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ እንቢ ያላችሁበትን ቀንና ከዚያ በኋላ የመጡትን መልእክቶች አታጥፉ። ማስረጃችሁ እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው መልእክት ከፖስታ ቤት የመጣ ይመስላል። «ዕቃ መጥቶልዎታል፥ 9 ሸቄል ይክፈሉ» ይልና የሚጫን ሊንክ ያሳያል። እናትየዋ ያዘዙት ዕቃ የለም። ከሥሩ «ለማስወገድ እዚህ ይጫኑ» የሚል ቢኖርበትም አይንኩት። አታላዩ ሕግ አያከብርም፤ መልስ ብትሰጡት ወይም ብትጫኑለት «ይህ ቁጥር ሰው አለበት» ብሎ ያውቃል፥ መልእክቱም ይበዛል። የከፋው ደግሞ የማስወገጃ ገጽ መስሎ የተዑዳት ዜሁት ቁጥር፥ የይለፍ ቃል ወይም የክሬዲት ካርድ ሲጠይቅ ነው። እውነተኛ ማስወገጃ ገንዘብም ካርድም አይጠይቅም።

በላኪው ስም ብቻ አትመኑ። በስልኩ ላይ የሚታየውን ስም አታላይ እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል፤ ሐሰተኛው መልእክት ከእውነተኞቹ ሥር ተደርድሮ ሊታይም ይችላል። እንግዲህ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቁጥሬን ለዚህ ላኪ ሰጥቼ ነበር ወይ? አሁንስ የሚፈልገው ምንድን ነው? እንዲህ ላለው መልእክት የሚሻለው መልስ ሳይሰጡ በስልኩ ላይ «ספאם» ተብሎ የተጻፈውን መርጦ ማስታወቅና ላኪውን መዝጋት ነው። ዕቃ እየጠበቃችሁ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ ወደ ፖስታ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው መልእክት በኢሜይል ከኩፓት ሆሊም የመጣ የሐኪም ቀጠሮ ማስታወሻ ነው። ልጃቸው ተሰላችቶ ይህንንም «ספאם» ብሎ ጣለው። ኢሜይሉ ከዚያ በኋላ ከዚያ ላኪ የሚመጣውን ሁሉ ወደዚያው ሳጥን ሊጥል ስለሚችል እናትየዋ ቀጠሮው ያመልጣቸዋል። መፍትሔው ያንን ሳጥን ከፍቶ መልእክቱን ማግኘትና «ספאם አይደለም» የሚለውን መጫን ነው። የምታውቁትን ላኪ ሰልችቷችሁ እንደሆነ አስወግዱኝ በሉት እንጂ እንደ አታላይ አትክሰሱት።

ምናልባት ሊንኩን ተጭናችሁ የካርድ ቁጥር ሰጥታችሁ ከሆነ ነገ አትበሉ። ወዲያው ወደ ካርድ ድርጅታችሁ ደውላችሁ ካርዱን አዘጉ። ከዚያም 119 ደውሉ፤ የአገሪቱ የሳይበር መሥሪያ ቤት ቁጥር ነው፥ ሌሊትም ቢሆን ይመልሳል።