ደረቅ ጨው፣ አሲድና ፒኤች፦ የባፈር አዘገጃጀት ዳሰሳ

በቤተ ሙከራ ባፈር የሚዘጋጀው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የጨውንና የአሲዱን መጠን አስቀድሞ አስልቶ መቀላቀል ነው፤ ሌላው ጨውን አሟሙቶ የፒኤች ሜትሩን እያዩ አሲድ ጠብ ማድረግ ነው። ሁለቱን ማጣመር ይሻላል፤ ስሌቱ ግቡ አጠገብ ያደርሳል፣ ሜትሩ ቀሪውን ያስተካክላል።

ፒኤቹ 5.0፣ ጠቅላላ አሴቴቱ 0.1 ሞላር የሆነ አንድ ሊትር ባፈር ተፈለገ እንበል። በእጃችን ያለው ሶዲየም አሴቴትና 1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ነው። መነሻችን የሄንደርሰንና የሃሰልባልክ ቀመር ነው፦

pH = pKa + log([A⁻]/[HA])

በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአሴቲክ አሲድ pKa 4.76 ነው። በዚህ ካሰላን ጨው 0.0635 ሞል፣ አሲድ 0.0365 ሞል ይሆናል። ይህን ቀላቅሎ የለካ ሰው ግን 5.0 ሳይሆን ወደ 4.9 ያነባል። ስህተቱ የሜትሩ አይደለም። 4.76 የሚሠራው እጅግ ለቀጠነ ፈሳሽ ነው፤ ጨው ሲበዛ ባለ ቻርጅ የሆኑት አዮኖች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ በዚህ ጥንካሬ pKa ወደ 4.67 ዝቅ ይላል። በአዲሱ ቁጥር ስናሰላ ጨው 0.068 ሞል፣ አሲድ 0.032 ሞል ይሆናል፤ ይህም ከአሲዱ 32 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

ጨውን ከመመዘን በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። ሶዲየም አሴቴት ውሃ የሌለበትም፣ በአንድ ሞል ሦስት ሞል ውሃ የያዘም ይሸጣል። የፊተኛው ሞል 82 ግራም፣ የኋለኛው 136 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 0.068 ሞሉ 5.6 ግራም ወይም 9.3 ግራም ነው። ውሃ ከያዘው ላይ 5.6 ግራም ብቻ የመዘነ ሰው ፒኤቹ 4.8 አካባቢ ሆኖ ያገኘዋል። ልዩነቱ ከመቶኛ ቤት ካለፈ ሜትሩን ከመጠምዘዝ በፊት ጠርሙሱን ደግሞ ማየት ይገባል።

ጨውን በ800 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙቶ አሲዱን መጨመር፣ በ4.01 እና በ7.00 መለኪያ ፈሳሾች በተስተካከለ ሜትር ማንበብ፣ ፒኤቹ ሲገኝ በመለኪያ ብልቃጥ እስከ አንድ ሊትር መሙላት ነው። ከመጀመሪያው አንድ ሊትር ሞልቶ የሚያስተካክል ሰው ባፈሩ ከታሰበው በላይ ይቀጥንበታል።

አሴቲክ አሲዱ ከበዛ በጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መመለስ ይቻላል፤ የሚፈጠረው ያው አሴቴት ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። አስተካካዩ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሆነ ግን በመመለስ ቁጥር ተጨማሪ የገበታ ጨው ይጠራቀማል፤ ኢንዛይም ላይ ለሚሠራ ሰው አዲስ መጀመር ይቀላል።

ሙቀትም አለ። አሴቴት በዚህ ረገድ ጨዋ ነው፤ የትሪስ ፒኤች ግን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር በ0.03 ገደማ ይወርዳል፣ ሲቀንስም ያን ያህል ይወጣል። በ25 ዲግሪ 8.0 የተስተካከለ ትሪስ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ወደ 8.6 ስለሚደርስ፣ መስተካከል ያለበት ሥራው በሚካሄድበት ሙቀት ላይ ነው።