ትርፉ አለ፣ ብሩ የት ገባ?

የፋይናንስ ተማሪዎች ደጋግመው የሚገጥማቸው አሳይመንት አለ። አንድ የጫማ ፋብሪካ በዓመት 14,600,000 ብር በዱቤ ሸጧል እንበል። የተሸጠውን ጫማ ለማምረት የወጣው 10,950,000 ብር ነው። ፋብሪካው አትራፊ ነው፤ ደመወዝ በደረሰ ቁጥር ግን ከባንክ ይበደራል።

ብሩ ያለው ሥራው ውስጥ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የ1,800,000 ብር ቆዳና ጫማ ተቀምጧል፤ ነጋዴዎች ወስደው ያልከፈሉት ደግሞ 2,000,000 ብር ነው። ፋብሪካው በበኩሉ ለቆዳ አቅራቢዎች ያልከፈለው 900,000 ብር አለ። ይህ ዕዳ ከሁለቱ ድምር ሲቀነስ 2,900,000 ብር ይቀራል፤ የታሰረው ገንዘብ እሱ ነው።

አሳይመንቱ ይህንን በቀን አስሉት ይላል። የማምረቻ ወጪው ለ365 ሲካፈል በቀን 30,000 ብር ስለሚሆን፣ ዕቃው 60 ቀን መጋዘን ይቆያል። የቀን ሽያጩ 40,000 ብር ስለሆነ፣ ዱቤው የሚሰበሰበው በ50 ቀን ነው። ለአቅራቢዎች የሚከፈለው ደግሞ በ30 ቀን። ስልሳ ሲደመር ሃምሳ፣ ሲቀነስ ሠላሳ፤ ለቆዳ የተከፈለው ብር ተመልሶ እጅ የሚገባው በ80 ቀን ነው።

ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው ክምችቱን በሽያጭ ሲያካፍል ነው። ያኔ 60ው ቀን 45 ሆኖ ይወጣል። ክምችቱ የተመዘገበው በወጪው ሲሆን ሽያጩ ግን ትርፍ ተጨምሮበታል፤ ስለዚህ ክምችት መካፈል ያለበት በወጪ ነው።

የዱቤው ጊዜ ከ50 ወደ 40 ቀን ቢወርድ 400,000 ብር ይለቀቃል። ይህ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ የሚቀረው የብድሩ ወለድ ነው፣ በ16 በመቶ ቢታሰብ 64,000 ብር። በ1990ዎቹ የአሜሪካው ዴል ኮምፒውተሩን የሚገጣጥመው ትዕዛዝ ከተቀበለ በኋላ ነበር፤ ለአቅራቢዎቹ ከመክፈሉ በፊት ከደንበኞቹ ስለሚሰበስብ ውጤቱ ከዜሮ በታች ወርዷል።

ቁጥሩን ከማመን በፊት ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ከሆነና ፋብሪካው ለመስከረም የተማሪ ጫማ እያከማቸ ከሆነ፣ የዚያ ቀን ክምችት የዓመቱን አያሳይም። በእኔ እምነት የየወሩን አማካይ መውሰድ ይሻላል።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው የአቅራቢዎች ዕዳ ነው። ክፍያ በዘገየ ቁጥር ዑደቱ ያጥራል፤ በወረቀት ላይ መሻሻል ይመስላል። ይህን ለመለየት ውሉን ማየት ነው። ስምምነቱ 30 ቀን ሆኖ ስሌቱ 55 ካሳየ፣ ፋብሪካው ክፍያ እያሳለፈ ነው፤ አቅራቢው ቀጣዩን ቆዳ በእጅ በእጅ ካልሆነ አልሰጥም ያለ ዕለት እነዚያ 25 ቀናት በአንዴ ይጠፋሉ።