ብቸኛው ሻጭ ዋጋውን የት ላይ ያቆማል?

አንድን ዕቃ ብቻውን የሚሸጥ ነጋዴ ያሻውን ዋጋ መጥራት ይችላል፤ በዚያ ዋጋ ያሻውን ያህል መሸጥ ግን አይችልም። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ከገዢዎቹ አንዳንዶቹ የሚወስዱትን ይቀንሳሉ፣ ሌሎቹም ጨርሶ ይቀራሉ። ስለዚህ ተፎካካሪ የሌለው ሻጭም ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ያን ቦታ የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው አንድ ተጨማሪ ዕቃ አዘጋጅቶ ለማቅረብ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ዋጋ ሲጨምር ገዢ ምን ያህል እንደሚሸሽ የሚለካው ሲሆን፣ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ኢላስቲሲቲ ወይም የፍላጎት ተለጣጭነት ይሉታል። ዋጋው 1 በመቶ ጨምሮ የሚሸጠው መጠን በ2 በመቶ ከቀነሰ ተለጣጭነቱ 2 ነው፤ በግማሽ በመቶ ብቻ ከቀነሰ ደግሞ 0.5 ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች የሚያገናኘው ደንብ በአንድ መስመር ይጻፋል፦

(ዋጋ − ተጨማሪ ወጪ) ÷ ዋጋ = 1 ÷ ተለጣጭነት

በግራ በኩል ያለው ከእያንዳንዱ ብር ዋጋ ውስጥ ከወጪ በላይ የሆነው ድርሻ፣ ማለትም የትርፍ ህዳጉ ነው። ለንደን ውስጥ ያደገው ኢኮኖሚስት አባ ለርነር በ1934 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ድርሻ የሞኖፖሊ ኃይል መለኪያ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል፤ እስከ ዛሬም የለርነር መለኪያ ይባላል። አባ የመጀመሪያ ስሙ እንጂ የክህነት ማዕረግ አይደለም።

ደንቡ ከየት እንደመጣ ለማየት አንድ ወፍጮ ቤት ይበቃል። በአካባቢው ሌላ ወፍጮ የለም እንበል። አንድ ኪሎ እህል ለመፍጨት የሚያልቀው ናፍጣና የሚበላው ድንጋይ ሲሰላ 2 ብር ይወጣል። ባለወፍጮው በኪሎ 5 ብር ሲያስከፍል በቀን 500 ኪሎ ይመጣለታል፤ 6 ብር ሲያደርገው 400፣ 7 ብር ሲያደርገው 300 ኪሎ ይመጣለታል። አንድ ብር በጨመረ ቁጥር 100 ኪሎ ይቀርበታል ማለት ነው። የሚቀረው እህል የትም አይጠፋም፤ አንዱ አህያውን ጭኖ ራቅ ወዳለው ከተማ ይሄዳል፣ ሌላዋ ለዕለት የሚበቃትን በእጅ ትፈጫለች፣ ሌላው ደግሞ ከሩብ ኩንታል ይልቅ ዐሥር ኪሎ ብቻ ይዞ ይመጣል።

አሁን ባለወፍጮው ዋጋውን በ1 በመቶ ብቻ ለመጨመር ቢያስብ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ እንመልከት። ዋጋው 5 ብር ከሆነ 1 በመቶ ማለት 5 ሳንቲም ነው። ከ500 ኪሎው ላይ ሲሰበሰብ 25 ብር ይሆናል። በዚህ ምክንያት 5 ኪሎ ይቀርበታል፤ ከእያንዳንዱ ኪሎ ከወጪ በላይ 3 ብር ያገኝ ስለነበር 15 ብር ያጣል። ያገኘው ካጣው ስለሚበልጥ መጨመሩ ያዋጣዋል። ዋጋው 7 ብር ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ከ300 ኪሎ ላይ 7 ሳንቲም ሲጨምር 21 ብር ያገኛል፤ 7 ኪሎ ሲቀርበት ግን ከእያንዳንዱ 5 ብር፣ በድምሩ 35 ብር ያጣል። እዚህ ላይ መቀነስ ነው የሚበጀው። በ6 ብር ላይ ከ400 ኪሎ 6 ሳንቲም ሲጨምር 24 ብር ያገኛል፤ የሚቀርበት 6 ኪሎ ደግሞ ከየኪሎው 4 ብር ያሳጣዋል፣ እሱም 24 ብር ነው። ሚዛኑ እኩል ቆመ። ዋጋውን ከዚህ ከፍም ዝቅም ቢያደርግ የሚጠቀመው ነገር የለም።

ደንቡ የሚናገረው ይህንኑ ሚዛን ነው። በ6 ብር ላይ የትርፍ ህዳጉ ከ6 ብር ውስጥ 4 ብር፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛ ነው። 1 በመቶ ጭማሪ ከ400 ኪሎ ውስጥ 6ቱን፣ ማለትም 1.5 በመቶውን ስላስቀረ ተለጣጭነቱ 1.5 ነው፤ አንድ ለ1.5 ሲካፈልም ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ባለወፍጮው ይህን ቀመር በሕይወቱ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ዋጋውን እየጨመረና እየቀነሰ የማታውን ሒሳብ ካየ ግን የሚያርፈው እዚያው ነው።

ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ሆን ተብሎ የቀረ ነገር አለ። የወፍጮው መግዣ ብድርና የቤቱ ኪራይ የትም አልገቡም። በቀን 100 ኪሎ ቢፈጭም 500 ኪሎ ቢፈጭም እነዚህ ወጪዎች አይለወጡም፤ ስለዚህ 6 ብር ከሁሉ የሚሻል ዋጋ መሆኑን አያስለውጡትም። ኪራይ ስለተጨመረ ዋጋ ጨመርኩ የሚል ብቸኛ ሻጭ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ቀድሞ ከሚያዋጣው በታች ሲያስከፍል ነበር፣ ወይ አሁን ራሱን እየጎዳ ነው። በሌላ በኩል ትልቅ የትርፍ ህዳግ ባለወፍጮውን ሀብታም ነው አያሰኘውም። በቀን ከወጪ በላይ የሚያገኘው 1,600 ብር ብድሩንና ኪራዩን ላይሸፍን ይችላል።

ተለጣጭነት የዕቃው ቋሚ ጠባይ አለመሆኑም በዚሁ ምሳሌ ይታያል። በ6 ብር ላይ 1.5 የነበረው፣ ዋጋው ወደ 2 ብር ከ20 ሳንቲም ቢወርድ 0.28 ገደማ ብቻ ይሆናል። ዋጋው ርካሽ ሲሆን ትንሽ ጭማሪ ማንንም አያስኮበልልም፤ ባለወፍጮውም ሰው መሸሽ እስኪጀምር ድረስ ይጨምራል። ብቸኛ ሻጭ ተለጣጭነቱ ከ1 ባነሰበት ቦታ ላይ የማይቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ክልል ዋጋ ሲጨመር ገቢው ይጨምራል፣ የሚፈጨው ስለሚያንስ ወጪውም ይቀንሳል።

ይህን አለማስተዋል በፍርድ ቤት ሳይቀር ስሕተት አስከትሏል። በ1956 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዱፖንት ኩባንያን የሴሎፎን ንግድ ሲመረምር፣ ገዢዎች ከሴሎፎን ወደ ሰም ወረቀትና ወደ ፎይል በቀላሉ እንደሚዞሩ አይቶ ኩባንያው በሞኖፖሊ አልያዘውም ሲል ወሰነ። ኢኮኖሚስቶች ግን ገዢዎቹ ለመዞር የተዘጋጁት ዋጋው አስቀድሞ የሞኖፖሊ ጣሪያ ስለደረሰ ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል። በ6 ብር የሚያስፈጩትን ሰዎች ብቻ ያየ ሰው ባለወፍጮው ኃይል የለውም ሊል ይችላል፤ ወጪው 2 ብር መሆኑን ሲያውቅ ግን ሐሳቡን ይለውጣል።

ደንቡ ከቀመር አልፎ ሰው ሕይወት ውስጥ የሚገባው ተጨማሪ ወጪው እጅግ ትንሽ ሲሆን ነው። ፈረንሳዊው ኩርኖ በ1838 ያነሳው ምሳሌ የማዕድን ውሃ ምንጭ ያለው ሰው ነበር። ውሃው ራሱ ይፈልቃል፤ አንድ ተጨማሪ ጠርሙስ ባለምንጩን ምንም አያስወጣውም። ወጪው ዜሮ ሲሆን የትርፍ ህዳጉ መቶ በመቶ ይሆናል፣ ስለዚህም ዋጋው የሚቆመው ተለጣጭነቱ ልክ 1 የሆነበት ቦታ ላይ ነው። ያ ደግሞ ጠቅላላ ገቢ ከሁሉ የሚበልጥበት ቦታ ነው።

የዘመናችን የማዕድን ውሃ የባለቤትነት መብት ያለው መድኃኒት ነው። ጊልያድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሄፓታይተስ ሲን የሚፈውሰውን ሶፎስቡቪር፣ በንግድ ስሙ ሶቫልዲ፣ በ2013 መጨረሻ ገበያ ሲያወጣ አንዱን ክኒን በ1,000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱን ሕክምና በ84,000 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎች የ12 ሳምንቱን መድኃኒት ለማምረት ከ68 እስከ 136 ዶላር እንደሚበቃ ገመቱ። በዚያው ዓመት ግብፅ፣ በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ፣ ያንኑ ሕክምና በ900 ዶላር ለመግዛት ተስማማች።

ከፍተኛውን የ136 ዶላር ግምት ይዘን በደንቡ ወደ ኋላ እናስላ። በአሜሪካው ዋጋ የትርፍ ህዳጉ 99.8 በመቶ ስለሆነ ተለጣጭነቱ 1.002 ይመጣል። በግብፁ ዋጋ ህዳጉ 85 በመቶ፣ ተለጣጭነቱም 1.18 ገደማ ይሆናል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ይመስላል፤ ዋጋዎቹ ግን ከዘጠና እጥፍ በላይ ይለያያሉ። ደንቡ ሲገለበጥ ምክንያቱን ያሳያል፦ ዋጋው ከወጪው፣ ተለጣጭነት ለተለጣጭነት ሲቀነስ 1 ተካፍሎ የሚገኘውን ያህል እጥፍ ነው። ተለጣጭነቱ 2 ከሆነ ዋጋው የወጪው ሁለት እጥፍ ነው፤ 1.1 ከሆነ 11 እጥፍ፣ 1.01 ከሆነ 101 እጥፍ ይሆናል። ወደ 1 በተጠጋ ቁጥር ትንሽ ለውጥ ዋጋውን ወደ ሰማይ ያወጣዋል።

የአሜሪካ ሴኔት የገንዘብ ኮሚቴ አባላት በታኅሣሥ 2015 ባወጡት የምርመራ ዘገባ ኩባንያው ዋጋውን የተመነው ገቢን ከፍ ማድረግን ቀዳሚ ግብ አድርጎ ነው ብለዋል። ይህ ከኩርኖ ባለምንጭ ጋር አንድ ነው፤ ማምረቻው ከዋጋው አንጻር ኢምንት ሲሆን ገቢን ማሳደግና ትርፍን ማሳደግ አይለያዩም።

ይሁን እንጂ 1.002 የሚለው ቁጥር የታማሚዎችን ስሜት እንደሚለካ መወሰድ የለበትም። በአሜሪካ መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪሙ፣ የሚውጠው ታማሚው፣ አብዛኛውን ገንዘብ የሚከፍለው ደግሞ የጤና መድን ወይም መንግሥት ነው። ዋጋ ሲጨምር የሚሸሸው ከእነዚህ ውስጥ ማን እንደሆነ ደንቡ አይነግርም። በግብፅ በኩልም ዋጋው የተገኘው መንግሥት ተደራድሮ እንጂ ሻጩ ለገበያ ለጥፎት አይደለም። የተለጠፈው ዋጋ ራሱም ከሚከፈለው ይለያል። በ2014 መጨረሻ አቢቪ የተባለው ኩባንያ ተፎካካሪ መድኃኒት አወጣ፤ የጤና መድን ድርጅቶችም ወደ እሱ እንሄዳለን ማለት ቻሉ። ጊልያድ በ2015 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ለሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶቹ የሚሰጠው ቅናሽ ባለፈው ዓመት ከነበረበት 22 በመቶ ወደ 46 በመቶ ገደማ እንደሚያድግ አስታወቀ።

ከፋዮች አማራጭ ሲያገኙ ተለጣጭነቱ ይጨምራል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ እስከዚህ ድረስ ደንቡ ልክ ነው። ከ84,000 ዶላር 46 በመቶ ሲቀነስ ግን የሚቀረው 45,000 ዶላር ያህል ነው፣ የትርፍ ህዳጉም ያኔ 99.7 በመቶ ይሆናል። ከፋዮች ወደ 39,000 ዶላር ሲቀነስላቸው የለርነር መለኪያ ግን ከ99.8 ወደ 99.7 ብቻ ዝቅ ይላል። የማምረቻ ወጪው ኢምንት በሆነበት ገበያ ህዳጉን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ ሳያየው ያልፋል።