ከባዱን አስቀድሞ መጠየቅ

ሮስተር ሲሞላ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ላይ ነው፤ አማካይና ደረጃ። ወላጅም የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ነው። 72 ተማሪዎች ያሉበትን የአንድ 5ኛ ክፍል ሮስተር እናስብ። አማካይዋ 69 የሆነ አንዲት ልጅ 19ኛ ወጥታለች። 19ኛ አያሸልምም፣ አያስወቅስም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይላትም። ረድፏን ወደ ግራ ተከትለን ስናነብ ግን ሒሳብ 94፣ ሳይንስ 88፣ አማርኛ 63፣ እንግሊዝኛ 52፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ በስልሳዎቹ ውስጥ ናቸው። በሒሳብ አንደኛ የወጣውን ልጅ ሳይቀር ትበልጣለች። ደረጃ ሰባቱን ትምህርት ደፍጥጦ አንድ ቁጥር ስለሚያደርጋቸው በሁሉም ሰማንያ የሚያመጣው ተማሪ «ሰቃይ» ይባላል፤ በአንዱ ከሁሉም የላቀችው መሃል ላይ ትቀራለች።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ ቆጥሮታል። ስለ ሁለተኞቹ ሲነሳ ግን ንግግሩ ቶሎ ወደ በጀት ይሄዳል። የአእምሮ ብቃት መለኪያ ፈተና በገንዘብ የሚገዛ፣ ለመስጠትም የሠለጠነ ሰው የሚፈልግ ነው። በየክልሉ የተከፈቱት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም የሚቀበሉት ጥቂቱን ነው፤ ያንንም በፈተና መርጠው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ለሚቀመጡት ልጆች የሚቀርበው መምህሯ በእጇ የያዘችው ነገር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከሚገመተው በላይ ይሠራል።

ከሮስተሩ ልጀምር። መምህሯ የማርክ ዝርዝሩን ይዛ በየትምህርቱ ዓምድ ከላይ ወደ ታች እየወረደች የሦስቱን ከፍተኛ ውጤት ባለቤቶች በእርሳስ ታክብብ። ሰባት ትምህርት ቢኖር ቢበዛ 21 ክብ ነው፤ የሚደጋገሙ ስላሉ የስሞቹ ቁጥር ከዚያ ያንሳል። ከዚያ ክብ ያገኙትን፣ ነገር ግን ከአሥር በታች የወጡትን ብቻ ለይታ ትጻፍ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት ከምን ከምን እንደተጠራቀመ ትይ። ተከታታይ ምዘና ውስጥ የቤት ሥራ፣ የደብተር አያያዝና ተሳትፎ ሁሉ ማርክ አላቸው። በፈተናው ከ50 ውስጥ 47 ያገኘ፣ በቤት ሥራ ግን ከ20 ውስጥ 6 ያለው ልጅ ሰነፍ ተብሎ የሚታለፍ ነው። እኔ ብሆን በመጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ምናልባት ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ይጠብቃል፤ ምናልባትም ያንኑ ዓይነት ጥያቄ አሥር ጊዜ መሥራት ሰልችቶታል።

ማርክ የማያሳየው ደግሞ አለ። መምህራን በትዝብታቸው ይመካሉ፤ ትዝብት ግን ዝምተኛውን ይዘላል። አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ የሚገኝ አንድ ትልቅ የትምህርት ወረዳ ለልዩ ክፍል የሚመርጣቸውን ልጆች በመምህራንና በወላጆች ጥቆማ ሲለይ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለሁሉም የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ቋንቋ የማይጠይቅ አጭር ፈተና መስጠት ጀመረ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ ውጤቱን ሲመረምሩ የመግቢያው ነጥብ ሳይነካ የድሆች፣ የጥቁሮችና የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልጆች ቁጥር በእጅጉ ጨምሮ አገኙት። ልጆቹ ድሮም ነበሩ፤ የሚጠቁማቸው ጠፍቶ ነው። በኋላ ገንዘብ አጥሮ ሁሉን መፈተኑ ሲቋረጥ ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ። ለእኛ የሚጠቅመን የፈተናው ዓይነት አይደለም። ዕድሉ ለሁሉም ልጅ እኩል መቅረቡ ነው፣ ማንም «ይህ ጎበዝ ነው» ብሎ ሳይጠቁም።

ለሁሉም የሚቀርብ፣ ወረቀት እንኳ የማይጠይቅ መንገድ አለ። አሜሪካዊቷ የመምህራን አሠልጣኝ ሱዛን ዋይንብሬነር ያስፋፋችው ዘዴ ሲሆን ሥራው የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። ዘወትር የክፍል ሥራ ከቀላል ተነሥቶ ወደ ከባድ ይሄዳል፤ ከባዱ ጋ ሳይደረስ ደወል ይደወላል። እዚህ ከባዱ ይቀድማል።

የመምህሯ ርዕስ የተለያየ ታህት ያላቸው ክፍልፋዮች ድምር ነው እንበል። ሩብ ሰዓት ያህል ካስተማረች በኋላ 12 ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ ከሁሉ የሚከብዱትን አምስቱን በጠመኔ ታሰምርባቸዋለች። አንዱ 5/6 ሲደመር 3/8 ነው። ሌላው፦ አንድ ገበሬ የማሳውን 1/3 ጤፍ፣ 2/5 ስንዴ ከዘራ ምን ያህሉ ጦም አደረ? ከዚያ ለሁሉም እንዲህ ትላለች፦ «የፈለገ በተሰመረባቸው ይጀምር። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከአምስቱ አራቱን አሠራሩን አሳይቶ በትክክል ከሠራ የቀረውን አይሠራም። ያልሆነለት ወደ አንደኛው ጥያቄ ይመለስ፣ ማርክ አይቀነስበትም።»

72 ደብተር ማረም የለም። ደብተሩን ይዞ የሚመጣው ጨርሻለሁ የሚል ብቻ ነው። ስድስት ልጆች ቢመጡ መልሱን በዓይን አይታ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ «ይህን 24 ከየት አመጣኸው?» ለ6 እና ለ8 የጋራ ብዜት መሆኑን በራሱ አነጋገር ያስረዳ ልጅ ሠርቶታል። ዝም ያለው ከጎኑ ገልብጧል፤ ሦስት በሚቀመጡበት ዴስክ ይህ አይቀርም፣ ቁጣም አያስፈልገውም፣ ወደ ቦታው መመለስ ይበቃል። ደግሞ መልሱን ስቶ መንገዱን የፈጠረ ልጅ አለ። ክፍልፋዮቹን በማሳ ሥዕል ሸንሽኖ 4/15 ላይ ሊደርስ ሲል ቆጠራ የሳተው ልጅ፣ አምስቱንም በተማረው ዘዴ ደርድሮ ከጨረሰው ይልቅ ሊያስገርመን ይገባል።

አንድ ቀን ምንም አይናገርም። መምህሯ ርዕስ በተቀየረ ቁጥር ብትደግመው ስሞቹ ይለዋወጣሉ። በክፍልፋይ የቀደመው በጂኦሜትሪ ላይቀድም ይችላል። ሦስትና አራት ርዕስ ላይ የሚመላለሱት ናቸው የሚፈለጉት። በሌላ ሳምንት ከርዕሱ በፊት ብታደርገው፣ ገና ያልተማሩትን የሚያውቁ ልጆች ይወጣሉ። ሳሊ ሪስና ባልደረቦቿ ይህን የሚታወቅን ትምህርት የማሳጠር አሠራር ያጠኑት በብዙ የአሜሪካ ክፍሎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ጥናት መምህራኑ ለመረጧቸው ልጆች ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን መደበኛ ትምህርት ሲተዉላቸው የልጆቹ ውጤት አልወረደም። የክፍል ጊዜያቸው ግማሽ ያህሉ የሚያውቁትን በመስማት ያልፍ ነበር ማለት ነው።

የተረፈው ጊዜ በምን ይሞላ? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ፈጥኖ ለጨረሰ ልጅ ተመሳሳይ አሥር ጥያቄ ከተጨመረለት ፍጥነት ቅጣት እንደሚያስከትል ይማራል፤ በሳምንቱ ቀስ ብሎ መሥራት ይጀምራል፣ መምህሯም ያሰበችው ልጅ እንዳልሆነ ትደመድማለች። የሚያስፈልገው ከዚያው ርዕስ ሳይወጣ ጠለቅ የሚል አንድ ጥያቄ ነው። ለክፍልፋይ ከጥንት ግብፆች የተሻለ አላውቅም። ጸሐፊዎቻቸው ከ2/3 በስተቀር ክፍልፋይን ሁሉ የሚጽፉት ላዕላቸው 1 የሆኑ የተለያዩ ክፍልፋዮች ድምር አድርገው ነበር። 3/4 ለእነርሱ 1/2 እና 1/4 ነው። መምህሯ ይህን ካርቶን ላይ ጽፋ ከኋላ ግድግዳ ላይ ትለጥፍና ትጠይቅ፤ 2/5ን በሁለት እንዲህ ባሉ ክፍልፋዮች ጻፉ።

ልጆቹ ይሞክራሉ። 1/5 እና 1/5 የሚል ይመጣል፤ «የተለያዩ» የሚለውን ዘሏል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ 1/3 ከ2/5 ላይ ሲቀነስ 1/15 እንደሚተርፍ ያያል፤ 1/3 ሲደመር 1/15። ደስታው ሳይበርድ 4/5 ይሰጠው። 1/2 ቢወስድ 3/10 ይተርፋል፤ ላዕሉ 1 አይሆንም። ያለ 1/2 ቢሞክር ትልልቆቹ 1/3 እና 1/4 ናቸው፤ ድምራቸው 7/12 ነው፣ 4/5 አይደርስም። ስለዚህ በሁለት አይቻልም። ሦስት ይፈልጋል፦ 1/2፣ 1/5 እና 1/10። የ5ኛ ክፍል ልጅ አንድ ነገር ሊሆን እንደማይችል በራሱ ማስረዳት ከቻለ ብዙዎች 12ኛ ክፍል ደርሰው ያልሞከሩትን ሠርቷል። ወጪው አንድ አሮጌ ካርቶን ነው።

ካርቶኑ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። ለተመረጡ ብቻ ከተባለ ቅሬታው ከተማሪ ቀድሞ ከወላጅ ይመጣል፤ ደግሞም ያላሰብነው ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚፈታው እሱን ነው። ሥራው በክፍል ጊዜ ይሁን እንጂ ለቤት አይሰጥ። ቤት የገባች ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች፤ ለቤት የተሰጠ ተጨማሪ ሥራ ጊዜ ያላቸውን እንጂ ችሎታ ያላቸውን አይለይም።

አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በብዙ ክፍሎች ጎበዙን ልጅ የአምስት ጓደኞቹ አስጠኚ አድርጎታል። ለአምስቱ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእሱ ግን በየቀኑ የሚያውቀውን መልሶ ማስረዳት ብቻ ከሆነ አዲስ ትምህርት አይደለም። የቅኔ ቤት ሥርዓት ይህን የሚያውቅበት ይመስለኛል። እዚያ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደረሰው በዕድሜ ወይም በዓመት ቆጠራ ሳይሆን የያዙትን በመቻል ነው። አስነጋሪው የጀማሪዎቹን ቅኔ እየሰማ ያርማል፤ የራሱን ትምህርት ግን ከየኔታ እግር ሥር ይቀጥላል። ማስተማሩ የራሱን ትምህርት አይተካበትም። አንድ ለአምስትን የማይለቅ ትምህርት ቤት ቢያንስ ይህን ያህል ይዋስ፤ በሳምንት አንድ ቀን መሪዎቹ ተሰባስበው ካርቶኑ ላይ ይሥሩ።

ይህ ሁሉ የማይደርስባቸው አሉ። ዘዴው የሚያወጣው ጥያቄ አንብቦ የሚረዳን ልጅ ነው፤ አፉን በሌላ ቋንቋ ፈትቶ ማንበብ ገና የሚከብደው ይቀርበታል። ለእሱ መምህሯ የቃላት ጥያቄውን ድምጿን ከፍ አድርጋ ብታነብ ወይም ሥዕል ብትሥል የተወሰነው ችግር ይቃለላል። ለሥዕል፣ ለግጥም ወይም ለእጅ ሥራ የተፈጠረውንም በሒሳብ ካርቶን አናገኘውም። እዚያ የሚሻለው ልጆቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነው፦ «ጨዋታ የሚፈጥርላችሁ ማነው? የተበላሸ ነገር የሚጠግነው ማነው?» በቁራጭ ወረቀት ሲጻፍ አንድ ስም ከተደጋገመ መከታተል ነው። ሚኒ ሚዲያውና የሳይንስ ክለቡም እነዚህን ልጆች ማስገባት ይችላሉ፤ አሁን የሚሞሉት ባብዛኛው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ በወጡት ነው።

ትልቁ ብክነት ግን የሚመጣው በመስከረም ነው። ልጁ 6ኛ ክፍል ሲገባ አዲሱ መምህር የሚያገኘው ደረጃውን ብቻ ነው፤ ዓመት ሙሉ የታየው ሁሉ ከአሮጌው ደብተር ጋር ይቀራል። ካርዱ ላይ «አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ ብዙውን ጊዜ «በርቺ» ወይም «ጎበዝ» ተብሎ ይታለፋል። በዚያ መስመር «በክፍልፋይ አንድ ነገር የማይቻለው ለምን እንደሆነ በራሷ አስረድታለች፤ ከባዱን አስቀድሙላት» ተብሎ ቢጻፍ የ6ኛ ክፍሉ መምህር ከዜሮ አይጀምርም።