ሥዕሉ ነው የተሳሳተው ወይስ አሠራሩ?

አንድ የኮምፒውተር ሲስተም ከመሠራቱ በፊት ሣጥንና ቀስት የበዛበት የአንድ ገጽ ንድፍ ይወጣለታል። ሣጥኖቹ የሲስተሙ ክፍሎች ናቸው፤ ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ፣ ሥራውን የሚያከናውነው ሰርቨር፣ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ። ቀስቶቹ ማን ለማን ምን እንደሚልክ ያሳያሉ። ይህ የሲስተም አርክቴክቸር ንድፍ ይባላል። ንድፉን አንድ ባለሙያ ያወጣዋል፣ ሌላው ይመረምረዋል፤ ጊዜና ገንዘብ የሚመድቡት ግን የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። መርማሪው ስህተት ሲያገኝ ንድፉን አባሪ አድርጎ አጭር ደብዳቤ የሚጽፈው ለእሳቸው ነው።

ይህ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «ስህተት» በሚል አንድ ስም ሲደባልቅ ነው። የመጀመሪያው የሥዕል ስህተት ነው፤ ሲስተሙ ደኅና ሆኖ ሳለ ሥዕሉ አዛብቶ ያሳየዋል። ሁለተኛው የአሠራር ስህተት ነው፤ ሥዕሉ የታሰበውን በትክክል ያሳያል፣ የታሰበው ነገር ግን ችግር ያመጣል። ሦስተኛው ስህተት ሳይሆን ውሳኔ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው። አንዱ በግማሽ ሰዓት ይታረማል፣ ሌላው የጊዜ ሰሌዳ ያናጋል፣ ሌላው በጀት ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልጉት የትኛው የትኛው እንደሆነ ነው።

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በስልክ የሚሸጥ ሲስተም ንድፍ ቀረበልን እንበል። ንድፍ የሚመረመረው ከላይ እስከ ታች በማየት አይደለም። አንድ ተሳፋሪ ይመረጥና መንገዱ በጣት ይከተላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው ተሳፋሪ መተግበሪያውን ይከፍታል፣ ወንበር ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ትኬቱን ይቀበላል። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ መልእክቱን የሚጀምረው ማን እንደሆነና መልእክቱ መንገድ ላይ ቢቀር ምን እንደሚከተል ይጠየቃል።

ተሳፋሪው ክፍት ወንበሮችን ሲያይ ቀስቱ ከስልኩ ተነሥቶ ሰርቨሩን ሳይነካ ዳታቤዙ ላይ ያርፋል። ይህ ያስደነግጣል። እውነት ከሆነ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ስልክ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ መተግበሪያውን ፈታትቶ ማየት የሚችል ሰው ሁሉ ያገኘዋል። ነገር ግን ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ንድፉን ያወጣውን ባልደረባ መጠየቅና የሙከራ ሰርቨሩን ማየት ያስፈልጋል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ በተለመደው አሠራር 5432 በሚባለው ፖርት ላይ ያዳምጣል። ይህን ፖርት ከውጭ ለመድረስ ሲሞከር ዝግ ሆኖ ተገኘ፤ መተግበሪያውም በእርግጥ የሚነጋገረው ከሰርቨሩ ጋር ነው። ሠዓሊው ቦታ ስለጠበበው ቀስቱን አሳጥሮታል። የሚያስፈራው ነገር የሥዕል ስህተት ብቻ ሆነ።

ተሳፋሪው ሲከፍል የሚታየው ደግሞ በተቃራኒው ምንም አያስደነግጥም። ከስልኩ ወደ ክፍያ አገልግሎቱ ቀስት አለ፣ ከክፍያ አገልግሎቱም ወደ ስልኩ። ከክፍያ አገልግሎቱ ወደ ሰርቨሩ የሚሄድ ቀስት ግን የለም። ባልደረባው ሲጠየቅ በእርግጥም እንደዚያ ታስቦ ነው አለ። እንግዲያው ገንዘቡ መከፈሉን ለሰርቨሩ የሚነግረው የተሳፋሪው ስልክ ነው። ተሳፋሪው ከፍሎ ወዲያው ኔትወርክ ቢጠፋ ብሩ ሄዷል፣ ትኬቱ የለም። ሳይከፍል «ተከፍሏል» የሚል መልእክት አስመስሎ የሚልክም ይኖራል። የክፍያ ማረጋገጫ ከክፍያ አገልግሎቱ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ መምጣት አለበት፤ በጊዜው ካልመጣም ሰርቨሩ ራሱ ጠይቆ ያረጋግጣል። ይህ እውነተኛ የአሠራር ስህተት ነው፤ ያለ ተጨማሪ ሥራም አይስተካከልም።

ቀሪው ነጥብ ከሰርቨሩ ጀርባ ነው። ሰርቨሮቹ ሁለት ናቸው፣ «አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይሠራል» የሚል ጽሑፍም አላቸው። ሁለቱም የሚያገለግሉት ግን አንድ ዳታቤዝ ነው። እሱ ሲወድቅ ሁለቱም ሥራ ይፈታሉ። በየሌሊቱ የሚወሰደው የመረጃ ቅጂ መረጃውን ከጥፋት ያድናል እንጂ ሽያጩን ወዲያው አያስቀጥልም። ሁለተኛ ዳታቤዝ ይገዛ ወይስ ለጥቂት ሰዓት መቆም ይቻላል የሚለውን መርማሪው አይወስንም፤ የሥራ አስኪያጁ ውሳኔ ነው።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ደብዳቤው አጭር ይሆናል፦

ለ፦ የትኬት ሽያጭ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በሲስተም አርክቴክቸር ንድፍ እትም 3 ላይ ስለተገኙ ስህተቶች

አባሪ የተደረገውን ንድፍ መርምሬ ሦስት ነጥቦች አግኝቻለሁ። ቦታቸው በንድፉ ላይ በቀይ ቁጥር ተመልክቷል። በቁጥር 1 እና 2 ላይ የእርስዎ ውሳኔ ያስፈልጋል።

1. *የአሠራር ስህተት።* ክፍያ መፈጸሙን ለሰርቨራችን የሚያሳውቀው የተሳፋሪው ስልክ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ የከፈለ ሰው ትኬት ያጣል፤ ያልከፈለም ትኬት ሊያገኝ ይችላል። ማረጋገጫው ከክፍያ አገልግሎቱ በቀጥታ እንዲደርሰን ቢደረግ ሙከራውን ጨምሮ ስድስት የሥራ ቀን ይፈጃል። የክፍያው ክፍል ሥራ ከዚህ በፊት እንዳይጀመር እጠይቃለሁ።

2. *ውሳኔ የሚጠብቅ።* ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ዳታቤዝ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ እሱ ሲበላሽ ሽያጭ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። በበዓል ሰሞን ሽያጭ ስንት ሰዓት ቢቆም እንደሚፈቀድ ቢገልጹልን የተጠባባቂ ዳታቤዝ ዋጋ እናቀርባለን።

3. *የሥዕል ስህተት።* ከመተግበሪያው ወደ ዳታቤዙ በቀጥታ የተሳለው ቀስት ትክክል አይደለም፤ ግንኙነቱ በሰርቨሩ በኩል መሆኑ ተረጋግጧል። በሚቀጥለው እትም ይታረማል፤ የጊዜ ለውጥ አያመጣም።

በሦስቱም ላይ ከንድፉ አዘጋጅ ጋር ተነጋግረን ተስማምተናል።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለንድፉ አዘጋጅ

የነጥቦቹ ተራ በንድፉ ላይ ባሉበት ቦታ ሳይሆን በሚያስከትሉት መዘዝ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደተሳለ፣ ምን እንደሚያስከትል፣ ምን እንደሚጠየቅ ይናገራል። «ንድፉ ብዙ ጉድለት አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር የለበትም፤ ሥራ አስኪያጁ በእሱ ላይ ተመሥርተው የሚያዙት ነገር ስለሌለ። የእትሙ ቁጥር በጉዳዩ መስመር ላይ የገባውም በምክንያት ነው። ንድፍ በየሳምንቱ ሊለወጥ ስለሚችል የእትም ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከወር በኋላ ስለየትኛው ሥዕል እንደሚናገር አይታወቅም። ቀይ ቁጥሮቹም የሚቀመጡት በቅጂ ላይ ነው፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ለአዘጋጁ ይቀራል።

በደብዳቤው ያልገባ ነገርም አለ። ሁለት ተሳፋሪዎች በአንድ ቅጽበት አንድን ወንበር ቢመርጡ ምን ይሆናል? ንድፉ ስለዚህ ምንም አይልም፤ ግን ስህተት አይባልም። እንዲህ ያለው ሥዕል ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ እንጂ የትኛው ድርጊት ከየትኛው እንደሚቀድም አያሳይም። የድርጊቶችን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ሌላ ዓይነት ሥዕል አለ፤ ጥያቄው በዚያ ይመለሳል። መርማሪው ንድፉ ሊያሳይ ያልተዘጋጀለትን ሁሉ እንደ ጉድለት ከቆጠረ ሦስቱ ነጥቦች ወደ ሠላሳ ያድጋሉ፣ የክፍያውም ጉዳይ በመካከላቸው ይሰወራል።

እትም 4 ሲወጣ አዘጋጁ ከሦስቱ ቁጥሮች አጠገብ የተደረገውን ይጽፋል፦ ተስተካክሏል፣ በውሳኔ ላይ ነው፣ ወይም እንዳለ እንዲቀጥል ተፈቅዷል። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ዳታቤዝ አያስፈልግም ካሉ ይኸው ከነምክንያቱ ንድፉ ላይ ይሰፍራል። ከዓመት በኋላ ሌላ መርማሪ ያንኑ ነጥብ ሲያነሣ ነገሩ የተዘነጋ ሳይሆን ታውቆ የተወሰነ መሆኑን ያገኘዋል።