20,000 ሚሊ አምፒር ለማን ምኑ ነው?

በአዲስ አበባ የቴሌግራም ገበያ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሞልቷል፦ «ኦሪጅናል ፓወር ባንክ፤ 20,000 ሚሊ አምፒር፤ 22.5 ዋት፤ ሁለት መሰኪያ፤ ዲጂታል ስክሪን። ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን።» ውሸት የለበትም እንበል። ግን ከካርቶኑ የተገለበጠ ነው፤ ካርቶኑ ደግሞ ገዢው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ሻጩ ግን ያውቃል፤ ቢያንስ በውስጥ መስመር የሚመጡለትን ጥያቄዎች መለስ ብሎ ቢያነብ ያገኘዋል። «ስልኬን ስንት ጊዜ ይሞላልኛል?» «አውሮፕላን ላይ ይዤው መግባት እችላለሁ?» ዋት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱን መርጦ ለእሱ ብቻ መጻፍ ነው። በስልክ ጥሪ የሚሠራውን የታክሲ ሾፌር እንውሰድ፦

«ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ስልክዎ 18 በመቶ ላይ ነው፤ ካርታውም ጥሪውም ያለው እሱ ላይ ነው። ይህን ፓወር ባንክ መብራት ሲኖር ሞልተው ያስቀምጡ። 5,000 ሚሊ አምፒር ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላል። ስንት እንደቀረው በቁጥር ስለሚያሳይ መንገድ ላይ ድንገት አያልቅብዎትም።»

ስክሪኑም አቅሙም አልቀረም፤ ችግሩን ተከትለው ገቡ እንጂ። ዋቱና የመሰኪያው ብዛት ከታች በአንድ መስመር ይቀመጣሉ።

ሁለት ጊዜ ተኩል ለምን? ብዙ ሻጭ 20,000ን ለ5,000 አካፍሎ «አራት ጊዜ» ይላል። 20,000 የተለካው ግን በውስጡ ባሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት ነው። በዩኤስቢ የሚወጣው በ5 ቮልት ሲሆን ያው ጉልበት 14,800 ይሆናል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 12 ወይም 13 ሺሕ ይወርዳል። ብዙ ካርቶኖች ላይ «ሬትድ ካፓሲቲ» ተብሎ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው ይሄው ነው። አራት ጊዜ የተባለለት ሾፌር ሁለተኛው ቀን ላይ ይደውላል፤ ያኔ የሚያወራው ስለ መብራት መጥፋት ሳይሆን ስለ ሻጩ ነው። ችግርን የሚያነሳ ማስታወቂያ ከደረቁ ዝርዝር ይልቅ የሚያጋልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ቃል ገብቷልና።

ያው ዕቃ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቤይሩት ለምትሄድ መንገደኛ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የእሷ ጭንቀት ኤርፖርት ላይ መወረሱ ነው። 20,000ው ወደ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ከ100 በታች ነው፤ አየር መንገዶች በአብዛኛው በእጅ ሻንጣ ይፈቅዱታል፣ በሚጫነው ሻንጣ ግን አይፈቅዱም። ለሾፌሩ ይህ ምኑም አይደለም።

ሁሉም ዕቃ እንዲህ አይጻፍም። የመኪናውን መለዋወጫ ቁጥር ይዞ ለሚፈልግ ሰው ችግሩን መተረክ ጊዜውን መብላት ነው፤ ቁጥሩና ዋጋው ይበቃዋል። ዋጋውስ ቢሆን ለሾፌሩም ለመንገደኛዋም እዚያው ይጻፍ፤ በውስጥ መስመር ማስጠየቅ ችግሩን የተረዳለት መስሎት የቀረበውን ሰው በር ላይ ማቆም ነው።